ጥያቄና መልስ፦ የትርፍ ድርሻ መቼ ነው ዕዳ የሚሆነው?

የዚህ ሰሞን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ዲቪደንድ ናቸው። ጊዜውም ነው፤ የአክሲዮን ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩበት ወቅት ነው። ባለአክሲዮኖች ስለ ገንዘቡ ጽፈውልኛል፣ የሂሳብ ሠራተኞች ደግሞ ስለ መዝገቡ።

«የአንድ አክሲዮን ማኅበር ሂሳብ ሹም ነኝ። ቦርዱ 6 ሚሊዮን ብር ለባለአክሲዮኖች እንዲከፋፈል ሐሳብ አቅርቧል። ጉባኤው በኅዳር ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ትርፉ የዓምናው ስለሆነ ሰኔ 30 ላይ እንደ ዕዳ መዝግበው ብለውኛል። ልክ ናቸው?»

አይደሉም። ትርፉ የዓምናው መሆኑ እውነት ነው፣ ዕዳው ግን የዘንድሮ ነው።

ኩባንያ ባለዕዳ የሚሆነው ገንዘቡን አልከፍልም የማለት ምርጫው ሲያልቅ ነው። የቦርዱ ሐሳብ ይህን ምርጫ አይጨርሰውም። ጉባኤው ተሰብስቦ «6 ሚሊዮኑ ይበዛል፣ 4 ይበቃል፣ በቀሪው ማሽን ይገዛበት» ሊል ይችላል። «ዘንድሮ አንከፋፈልም» ማለትም ይችላል። ውሳኔው እስኪያልፍ ድረስ ባለአክሲዮኑ ገንዘቤን ስጡኝ ብሎ የሚከስበት ነገር የለም። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ አይኤኤስ 10 የሚለውም ይህንኑ ነው። ከሂሳብ ዘመኑ ማብቂያ በኋላ የታወጀ የትርፍ ድርሻ በዚያ ዘመን መጨረሻ ዕዳ ሆኖ አይመዘገብም። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ሐሳቡ ከቀረበ መጠኑ በማብራሪያው ክፍል ይገለጻል፣ በዚያው ያበቃል።

በቁጥር እንየው። ማኅበሩ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የሆኑ 40,000 አክሲዮኖች አሉት እንበል። የተከፈለ ካፒታሉ 40 ሚሊዮን ብር ነው። በሰኔ 30፣ 2017 በተዘጋው ዓመት ከታክስ በኋላ 9 ሚሊዮን ብር አተረፈ። ከዚህ ላይ 5 በመቶውን፣ ማለትም 450,000 ብር፣ ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ አዛወረ። (ባንክና ኢንሹራንስ ከሆናችሁ የሚጠየቀው መጠባበቂያ ከዚህ ይበልጣል።) ይህ ዝውውር ሰኔ 30 ላይ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ ገንዘቡ ከባለአክሲዮኖች ድርሻ አልወጣም፣ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነው የሄደው። የትርፍ ድርሻው ግን ከባለቤቶች ካፒታል ወጥቶ ዕዳ ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጉባኤው ኅዳር 20፣ 2018 ተሰበሰበና በአክሲዮን 150 ብር፣ በጠቅላላው 6 ሚሊዮን ብር እንዲከፈል ወሰነ። ስማቸው ኅዳር 30 ላይ በመዝገብ ያለ ባለአክሲዮኖች እንዲወስዱ፣ ክፍያው ታኅሣሥ 15 እንዲጀመር አለ። የመጀመሪያው ምዝገባ በኅዳር 20 ቀን ይህ ነው፦

ዴቢት፦ ያልተከፋፈለ ትርፍ 6,000,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ የትርፍ ድርሻ 6,000,000

ሥራ አስኪያጁ እንዳሉት ሰኔ 30 ላይ ብታስገባው ምን ይሆናል? የዓመቱ ሚዛን 6 ሚሊዮን ብር የሌለ ዕዳ ይሸከማል። የአጭር ጊዜ ዕዳው ያብጣል። ባንክ ብድር ሲጠየቅ የሚያየው ያንን ነው። ከዚያ ጉባኤው 4 ሚሊዮን ብቻ ቢያጸድቅ፣ የተዘጋና የተመረመረ ሂሳብ ውስጥ ያልነበረ ዕዳ እንደነበር ለማስረዳት ትቸገራለህ።

ስህተቱን ለማግኘት የጆርናል ቫውቸሩን ቀንና የቃለ ጉባኤውን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ቫውቸሩ ከቀደመ ምዝገባው ያለ ውሳኔ ነው የተሠራው። ኦዲተርህም መጀመሪያ የሚጠይቅህ ቃለ ጉባኤውን ነው። ስለዚህ የተፈረመው ቅጂ ከቫውቸሩ ጋር ተያይዞ ፋይል ውስጥ ይግባ። ለሥራ አስኪያጅህም ይህንኑ በጽሑፍ ስጣቸው።

«ኅዳር 30 ላይ ምን ልመዝግብ?»

ምንም። በዚያ ቀን የሚዘጋው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ነው እንጂ የሂሳብ መዝገብ አይነካም። ዝርዝሩን ግን በስም፣ በአክሲዮን ብዛትና በሚደርሰው ብር አውጥተህ አስፈርም። ድምሩ 40,000 አክሲዮንና 6 ሚሊዮን ብር ካልመጣ ክፍያ አትጀምር።

«አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። የትርፍ ድርሻ ወጪ አይደለም ወይ? ገንዘብ ይወጣል እኮ!»

አይደለም። ወጪ ትርፍን ለማግኘት የሚወጣ ነው። የትርፍ ድርሻ ትርፉ ከተገኘ በኋላ ለባለቤቶቹ የሚሰጥ ነው። ከትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ካየኸው ስህተት ነው። ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይም አይቀነስም። ይህን ነገር በየዓመቱ ይጠይቁኛል፣ በየዓመቱም መልሴ ያው ነው።

«ከጉባኤው በኋላ፣ ክፍያው ሳይደርስ አክሲዮኔን ለወንድሜ ሸጥኩለት። ገንዘቡ የማን ነው?»

በመዝገብ ቀን ስሙ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ነው ከኩባንያው የሚቀበለው። ከላይ ባለው ምሳሌ ዝውውሩ ኅዳር 28 ከተመዘገበ የወንድምዎ ነው፣ ታኅሣሥ 3 ከሆነ የእርስዎ። ወሳኙ ገንዘብ የተቀባበላችሁበት ወይም የተፈራረማችሁበት ቀን አይደለም፤ ኩባንያው በመዝገቡ ላይ ስሙን የቀየረበት ቀን ነው። እናንተ በመካከላችሁ ሌላ ነገር ከተስማማችሁ በውሉ ላይ ይጻፍ። ወንድማማችም ቢሆን ይጻፍ።

«ድርጅታችን የሌላ ኩባንያ አክሲዮን አለው። ገቢውን የምንይዘው ብሩ አካውንታችን ሲገባ ነው?»

አይደለም፣ የመቀበል መብታችሁ ሲጸና ነው። ይኸውም በተለመደው ጊዜ የከፋዩ ኩባንያ ጉባኤ ያጸደቀበት ቀን ነው። ዴቢት ተሰብሳቢ የትርፍ ድርሻ፣ ክሬዲት የትርፍ ድርሻ ገቢ። ብሩ ሲመጣ ተሰብሳቢው ይዘጋል።

«ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በብሮከሬ በኩል የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮን ልክ በሪከርድ ዴት ዕለት ገዛሁ። ሰባራ ሳንቲም አልመጣልኝም። ተጭበረበርኩ?»

አልተጭበረበሩም፣ አንድ ቀን ዘግይተዋል። እዚያ አገር ግብይት የሚጠናቀቀው በማግስቱ የሥራ ቀን ነው። ይህ ደንብ የመጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 28፣ 2024 ነው። ረቡዕ የገዙት አክሲዮን ስምዎ ላይ የሚገባው ሐሙስ ነው። የመዝገብ ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ማክሰኞ መግዛት ነበረብዎ። ለዚህም ነው ያለ ዲቪደንድ መሸጥ የሚጀምርበት ቀንና የመዝገብ ቀኑ አሁን እዚያ አንድ ቀን የሚሆኑት፤ ቀድሞ የአንድ የሥራ ቀን ልዩነት ነበራቸው። በጣም አይዘኑ፤ በዚያ ዕለት ገበያው ሲከፈት የአክሲዮኑ ዋጋ በዲቪደንዱ ልክ ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር የገዙት በቅናሽ ነው።

«በሚያዝያ አዲስ አክሲዮን ገዝቼ ሙሉ ዋጋውን ከፍያለሁ። ጎረቤቴ በአክሲዮን 150 ብር ሲደርሳት ለእኔ በጣም ያነሰ ሰጡኝ። ለምን?»

አክሲዮንዎ በዓመቱ ውስጥ የሠራው ለጥቂት ወራት ስለሆነ ነው። እኛ አገር ብዙ ኩባንያዎች በዓመቱ መካከል ለተከፈለ አዲስ አክሲዮን ድርሻውን በቆየበት ጊዜ ልክ ያሰላሉ። ገንዘብዎ ሚያዝያ 1 ቀን ከገባ እስከ ሰኔ 30 ሦስት ወር ነው፤ ከ150 ብሩ ሩብ ያህሉ ይደርስዎታል። የጉባኤውን ውሳኔና የአክሲዮን መግዣ ፎርምዎን ያንብቡ። እዚያ ካልተጻፈ ኩባንያውን በደብዳቤ ይጠይቁ።

«ክፍያ ጀመርን፣ ግን 300 አክሲዮን ያላቸው አንዲት እናት አድራሻቸው ጠፋ። ሥራ አስኪያጃችን ገንዘቡ ወደ ገቢ ይመለስ ይላል። እንዴት ልመዝግብ?»

መጀመሪያ ሁሉም ቢገኝ ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር። አዋጅ ቁጥር 979/2008 በትርፍ ድርሻ ላይ 10 በመቶ ግብር ጥሏል፣ ከፋዩ ኩባንያም ቀንሶ ማስቀረት አለበት። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ በክፍያችሁ ቀን የሚሠራውን ተመን ከገቢዎች አረጋግጡ፤ እኔ ለስሌቱ ያህል 10ን ልያዝ። ታኅሣሥ 15 ላይ፦

ዴቢት፦ ተከፋይ የትርፍ ድርሻ 6,000,000
ክሬዲት፦ ባንክ 5,400,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ዊዝሆልዲንግ ታክስ 600,000

600,000 ብሩ የኩባንያው ወጪ አይደለም፣ ከባለአክሲዮኖቹ የተቀነሰ ነው። ለገቢዎች ሲከፈል ተከፋይ ታክሱ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት ይሆናል።

አሁን ወደ እናትየዋ። 300 በ150 ሲባዛ 45,000 ብር ነው። ስለዚህ ያን ቀን የሚዘጋው ዕዳ 5,955,000 ብቻ ነው። ከባንክ 5,359,500 ይወጣል፣ 595,500 በታክስ ይያዛል። 45,000 ብሩ «ተከፋይ የትርፍ ድርሻ» ላይ በስማቸው ይቀመጣል። ባልተከፈለው ላይ ያለው ታክስ መቼ እንደሚያዝ የታክስ ባለሙያችሁን ጠይቁ።

ወደ ገቢ መመለስ ግን አይሆንም። ባለቤቱ ስላልተገኘ ዕዳ ገቢ አይሆንም። ጉባኤው ከወሰነ ወዲያ ያ ገንዘብ የእሳቸው ነው፣ ካረፉም የወራሾቻቸው። ብዙ ቦታ ያየሁት ችግር የስም ዝርዝር አለመያዙ ነው። ሂሳቡ ላይ ከሦስትና ከአራት ዓመት የተጠራቀመ አንድ ድምር ተቀምጧል፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ የሂሳቡን ሚዛን ካልተከፈላቸው ሰዎች ዝርዝር ጋር፣ በየዓመቱ ለይታችሁ አስታርቁ። ልዩነት ከመጣ ወይ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተከፍሎታል፣ ወይ ክፍያው ሌላ ሂሳብ ላይ ወድቋል።

የይርጋው ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ፣ ካበቃም ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሕግ ጥያቄ ነው። በግምት አትሥሩ፣ ሥራ አስኪያጁም በቃል አይወስኑት። ጠበቃ በጽሑፍ ይመልስላችሁ፤ እስከዚያ አንዲት ሳንቲም ከዚያ ሂሳብ አትንኩ።

«ባለአክሲዮኖቻችን በጥሬ ገንዘብ ፋንታ አክሲዮን ይጨመርልን አሉ። ምዝገባው ይለወጣል?»

የኅዳር 20ው አይለወጥም። የሚለወጠው ዕዳው የሚዘጋበት ነው፦ ተከፋይ የትርፍ ድርሻ ዴቢት፣ ካፒታል ክሬዲት። ካፒታሉ ሕጋዊ ሥርዓቱን ጨርሶ እስኪመዘገብ ግን ለካፒታል ማሳደጊያ በተያዘ የተለየ ሂሳብ ይቆይ። ግብሩን በተመለከተ ያለ ታክስ አማካሪ አትንቀሳቀሱ።