ፅንስ እምቢ ላላችሁ፦ የምርመራ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ሲና፦ 29 ዓመቴ ነው፣ ካገባሁ 2 ዓመት። ፔሬዴ በ35 ቀን ነው የሚመጣው። በ21ኛው ቀን ፕሮጄስትሮን ተመርምሬ 0.8 ስለሆነ እንቁላል አይወጣልሽም ተባልኩ። እንቁላል የሚያስወጣውን ክሎሚድ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ መድኃኒቱን ትንሽ አቆዪው። 21ኛው ቀን የሚባለው በ28 ቀን ለሚመጣላት ሴት ነው፣ እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ ፔሬድ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው እና ሆርሞኑ ከፍ የሚለው ከዛ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ያንቺ ደም የተቀዳው ገና እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ነው ዝቅ ማለቱ ምንም አይገርምም። በ28ኛው ቀን ድገሚውና ፔሬድሽ መቼ እንደመጣ ጻፊ፣ ከሳምንት በኋላ ከመጣ ቀኑን አግኝተሽዋል። ከ3 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል። ያኔም ዝቅ ካለ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን ታይቶ ነው ስለ ክሎሚድ የሚወራው። ባልሽስ ተመረመረ?

ከደብረ ሲና፦ እሱ ከበፊት ትዳሩ የ9 ዓመት ልጅ አለው፣ ችግሩ ካንቺ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ የ9 ዓመት ልጅ የዛሬን ስፐርም አይናገርም። ባልየው ሳይመረመር ሚስትን ማመላለስ እኔን በጣም ያናድደኛል፣ የሱ ምርመራ እኮ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ወንዱ ብዙ ቀን ከቆየ ዘሩ ይበዛል አይደል? ባሌ ሁዳዴን ጨርሶ በፋሲካ ማግስት ሰጠ፣ ግን የሚንቀሳቀሰው 20% ነው ተባለ።

መልስ፦ ቁጥሩ መብዛቱ ልክ ነሽ፣ ግን 55 ቀን የተጠራቀመ ስፐርም ብዙው ያረጀና የደከመ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ብቻ ቆይቶ ይድገም፣ 42% እና ከዛ በላይ ከተንቀሳቀሰ ችግር የለም። ያኔም ካነሰ 3 ወር ገደማ ቆይቶ እንደገና ይታያል፣ አዲስ ስፐርም እስኪሰራ ጊዜ ይፈልጋል።

ከመሐል ሜዳ፦ እቤት አውጥቼ በጠዋቱ መኪና ደብረ ብርሃን ባደርሰውስ?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፣ ብርድ ከነካው ደግሞ ይደክማል። እዛው ሄደህ ስጥ።

ከአንኮበር፦ እኔ የወሊድ መከላከያ መርፌውን ዴፖ ካቆምኩ 7 ወሬ፣ ፔሬድ የለም። ቱቦዬን በራጅ ልታይ?

መልስ፦ የቱቦው ራጅ አሁን አያስፈልግሽም። ዴፖ ካቆሙ በኋላ እስከ ዓመት መዘግየት ያለ ነው፣ እርግዝና አለመሆኑን ብቻ አረጋግጪ።

ከደብረ ብርሃን፦ 36 ዓመቴ ነው፣ የባሌ ውጤት ጥሩ ነው፣ በራጁ ግን ሁለቱም ቱቦዬ ዝግ ነው ተባለ። በቃ?

መልስ፦ የቱ ጋ ነው የተዘጋው? ማህፀኑ አጠገብ ከሆነ የራጁ መድኃኒት ሲገባ ቱቦው ተኮማትሮም ዝግ ሊመስል ይችላል፣ በሆድ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በማየት፣ በላፓሮስኮፒ፣ ማጣራት ያስፈልጋል። ጫፉ ላይ ተዘግቶ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ ግን ክሎሚድ ጊዜ ማባከን ነው፣ በዚህ ዕድሜ ቶሎ ሪፈር አጽፊና አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ያለው፣ እንቁላልና ስፐርም ከማህፀን ውጭ የሚያገናኘው የአይቪኤፍ ማዕከል ሂጂ። ያበጠውን ቱቦ መጀመሪያ ሊያወጡት ወይ ሊያስሩት ይችላሉ፣ ፈሳሹ ፅንሱን እንዳይጎዳ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ወረቀቱ ላይ የት እንደሆነ አልተጻፈም።

መልስ፦ ፊልሙን ራሱን ይዘሽ ሂጂ።