«ዶላር በ25 በመቶ ቢወደድ ዋጋችን በስንት ይጨምራል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት ለጀማሪ የዋጋ ተንታኝነት ፈትኖኝ ነበር። «ዶላር በ25 በመቶ ቢወደድ የመደርደሪያ ዋጋችን በስንት ይጨምራል? መቼስ?» የሚል ጥያቄ መጣ። «25 በመቶ፣ ወዲያውኑ» ብዬ ጻፍኩ፤ አላለፍኩም። በቅርቡ ሌላ ቦታ ለተመሳሳይ ሥራ እፈተናለሁ። ምን ብል ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈታኞቹ ከቁጥሩ ይልቅ አንቺ መልሰሽ የምትጠይቂውን ነበር የጠበቁት። ዕቃው በየትኛው ገንዘብ ነው የተገዛው? ሒሳቡ ተከፍሏል ወይስ በዱቤ ነው? ከመደርደሪያ ዋጋው ውስጥ ዶላር የሚነካው ምን ያህሉ ነው? እነዚህን ሳያውቅ ቁጥር የሚሰጥ ሰው፣ ሥራ ላይም እንደዚያው ያደርጋል ብለው ይፈራሉ።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት አንዲት ትንሽ ወጥመድ አለች። ዶላር ከ50 ወደ 62.50 ከወጣ በ25 በመቶ ተወደደ ማለት ነው። የአገሩ ገንዘብ ግን ዋጋ ያጣው 20 በመቶ ነው። ዜናው አንዱን ይጠቅሳል፣ አለቃሽ ሌላውን ያስባል። ስለዚህ መልስሽን ስትጀምሪ ከየትኛው ወገን እንደምታሰሊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። አስመጪ ቤት ውስጥ የሚጠቅመው 25ቱ ነው፤ ዕቃው የሚገዛው በዶላር ነውና።

አሁን አንድ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ እንውሰድ። አቅራቢው በ8 ዶላር ይሸጣል እንበል፣ መጓጓዣው እስከ ወደብ ተካቶ። በድሮው ተመን 400 ነው። ጉምሩክ 20 በመቶ ቀረጥ ሲጥልበት 80 ይጨመራል። የአገር ውስጥ ማጓጓዣ፣ የመጋዘን ኪራይና ደመወዝ 200 ይወስዳል። የአከፋፋዩና የቸርቻሪው ትርፍ ደግሞ 120። ድምሩ 800፣ መደርደሪያ ላይ የሚለጠፈውም ይኸው ነው።

ዶላር 62.50 ሲገባ 400 የነበረው 500 ይሆናል። ቀረጡ በመቶኛ ስለሚሰላ አብሮ ወደ 100 ይወጣል። ኪራዩና ደመወዙ ግን ምንዛሪ ስለተቀየረ በማግስቱ አይቀየሩም፤ 200 እንደሆኑ ይቆያሉ። ትርፉም 120 ላይ ከረጋ አዲሱ ዋጋ 920 ነው። ከ800 ወደ 920 ማለት 15 በመቶ። ወደብ ላይ ለውጡ ሙሉ በሙሉ ደርሷል፤ መደርደሪያው ላይ ግን የ25ቱ 60 በመቶ ብቻ ነው የደረሰው። እስካሁን ማንም አልተጋፋም፣ ማንም ከኪሱ አልሸፈነም። ልዩነቱን የፈጠረው መሃል ላይ ያለው የአገር ውስጥ ወጪ ነው።

ከዚህ በኋላ ሰዎች ይገቡበታል። አቅራቢው ገበያውን ላለማጣት 8 ዶላሩን ወደ 7.60 ቢያወርድ፣ 475 ሲደመር ቀረጥ 95፣ ሲደመር 200፣ ሲደመር 120፣ 890 ይመጣል። ጭማሪው 11 በመቶ አካባቢ ሆነ። አጠገቡ በአገር ውስጥ የተመረተ ማራገቢያ በ850 የሚሸጥ ካለ ደግሞ ቸርቻሪው በ890 መለጠፍ ይከብደዋል፤ ከትርፉ ላይ ይቆርጣል። ተፎካካሪ የሌለው የማሽን መለዋወጫ ቢሆን ግን ማን ይቆርጣል? ገዢው ሌላ መሄጃ የለውም። ፈተና ላይ «ተፎካካሪው ማነው? እሱስ ከውጭ ነው የሚያመጣው?» ብለሽ ብትጠይቂ ትልቅ ነጥብ ነው። ተፎካካሪውም በዶላር የሚገዛ ከሆነ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚጨምር ማንም ብቻውን አይጋለጥም። የዋጋ ጭማሪ በፍጥነት የሚያልፈው እንዲህ ባለው ገበያ ነው።

«መቼ» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ተፈታኝ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የድሮው ክምችት እስኪያልቅ ድረስ ዋጋው አይለወጥም» የሚል ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ግን መጋዘኑን ገባ ብለሽ እዪው።

ተመኑ በተቀየረበት ቀን 1,000 ማራገቢያ አለ እንበል። 500ው ድሮ በ50 ተከፍሎበት ያለቀ ነው። የቀረው 500 ግን በ90 ቀን ዱቤ የመጣ ነው። ዕቃው ገብቷል፣ ቀረጡም በድሮው ተመን ተከፍሏል፤ ዕዳው ግን 4,000 ዶላር ሆኖ ተቀምጧል። በድሮው ተመን 200,000 ይበቃው ነበር። ዛሬ 250,000 ያስፈልጋል። አንድም አዲስ ካርቶን ሳይገባ 50,000 ወጪ ተጨመረ ማለት ነው። የዚህ ዱቤ ዕቃ ወጪ 500 ሲደመር 80 ሲደመር 200፣ ማለትም 780 ሆኗል፤ ትርፍ ሲታከል 900። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ 920 ነው። አንድ ዓይነት ማራገቢያ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ 800፣ 900 እና 920 የሚያወጣበት ምክንያት ይኸው ነው። መዝገብ ላይ የገባበትን ቀን ብቻ የሚያይ ሰው ይህ አይታየውም። የሚከፈልበትን ቀን ፈልጊ።

ታዲያ የተከፈለበትን 500 በ800 መሸጥ ያዋጣል? ሒሳቡ ያዋጣል ይላል፤ 120 ትርፍ ይታያል። ነጋዴው ግን ቦታው ላይ ሌላ ማራገቢያ ለመተካት 500፣ 100 እና 200፣ በድምሩ 800 ያወጣል። የሸጠበት ገንዘብ በሙሉ ለመተካት ብቻ ያልቃል። ድሮ የገባ ዕቃ ላይ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ ሁሌ ስግብግብ ነው ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። የሚተካበትን ሳይሆን የገዛበትን እያሰበ የሚሸጥ ደግሞ ክምችቱ ሲያልቅ ሱቁም አብሮ ይሳሳል።

በአንጻሩ ለውጡን የሚያዘገዩ ነገሮች አሉ። ለወራት የጸና የዋጋ ውል ካለ አከፋፋዩ እጁ ታስሯል። ዶላሩን ወደፊት በሚረከብበት ተመን አስቀድሞ ከባንክ ጋር የተዋዋለም ውሉ እስኪያበቃ ይተርፋል፤ ይተርፋል እንጂ አያመልጥም። አንዳንዱም ደንበኛ እንዳይሸሽበት «ተመኑ ይመለስ ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል። ለዚህ የእንግሊዝ ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። ጁን 2016 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጡ ማግስት ፓውንድ ከዶላር አንጻር በአንድ ቀን ወደ 8 በመቶ ገደማ ወረደ። በዚያው ወር ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት 0.5 በመቶ ነበር። ወደ 3.1 በመቶ ወጥቶ ጫፍ የነካው ግን በኖቬምበር 2017 ነው። ተመኑ በአንድ ሌሊት ወረደ፤ ዋጋው ለመከተል ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት። እነዚህን ሁለት ቀኖች ፈተና ላይ ብትጠቅሺ «ወዲያውኑ» የሚለውን ቃል ለምን እንደተውሽ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

ኢንቮይሱ የተጻፈበትን ገንዘብ መጠየቅሽንም አትርሺ። አቅራቢው ቱርክ ነው እንበል፤ የቱርክ ሊራ ወረደ ብለሽ ዕቃው ይረክሳል ብለሽ አትቸኩዪ። ኢንቮይሱ በዶላር ከሆነ የሊራው መውረድ ቶሎ አይደርስሽም። ከዓለም ንግድ ትልቅ ክፍል ሻጩም ገዢውም አሜሪካዊ ሳይሆኑ በዶላር እንደሚጻፍ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዋ ጊታ ጎፒናት ከባልደረቦቿ ጋር በሰፊው አሳይታለች። የስዊዘርላንድም ጉዳይ አለ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ከ2011 ጀምሮ ያስጠብቅ ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 በድንገት ተወው፤ ፍራንክ ተተኮሰ። ማንም ስላልጠበቀው ለተመራማሪዎች እንደ ላቦራቶሪ ሆነላቸው። አውር፣ በርስታይን እና ላይን ሲያጠኑት፣ በዩሮ የተጻፉት ገቢ ዕቃዎች ድንበር ላይ በፍራንክ ከተጻፉት ይበልጥ ረከሱ። ሱቅ ሲደርስ ቅናሹ ሳሳ። ማራገቢያችን ላይ ያየነው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል።

ሁለት ተመን ባለበት ገበያ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ባንክ ዶላር የማይገኝ ከሆነና አስመጪው አብዛኛውን ከትይዩ ገበያ እየገዛ ከቆየ፣ የመደርደሪያው ዋጋ የቆመው በትይዩው ተመን ላይ ነው። መንግሥት በመደበኛው ተመን የአገሩን ገንዘብ ሲያወርደው ዜናው ትልቅ ቢሆንም ሱቁ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ቀድሞ ሄዷላ። በመደበኛው ተመን ይገዙ የነበሩ ዕቃዎች ግን፣ ለምሳሌ መንግሥት ቅድሚያ የሚሰጣቸው፣ ድንጋጤውን ሙሉ ይቀበላሉ። በተሳሳተው ተመን ካሰላሽ «ለውጡ ወደ ዋጋ አልተላለፈም» የሚል ድምዳሜ ይወጣል፤ ችግሩ ግን ያለው ያነጻጸርሽበት ተመን ላይ ነው።

ለፈተናው መዘጋጃ አንድ ነገር ላሳስብሽ። ኤክሴል ላይ የማራገቢያውን ስሌት ራስሽ ሥሪው። የመስመሮቹ ቁጥር ያው አምስት ነው፦ የአቅራቢ ዋጋ፣ ተመን፣ ቀረጥ፣ የአገር ውስጥ ወጪ፣ ትርፍ። ከዚያ ትርፉን ከ120 ቋሚነት አውጥተሽ በመቶኛ አድርጊው። 120 ለ680 ሲካፈል 17.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ያ መቶኛ ከተጠበቀ አዲሱ ዋጋ 941 ይሆናል፣ ጭማሪውም 17.6 በመቶ። በ920 እና በ941 መካከል ያለው 21 የመጣው ከምንዛሪው በቀጥታ ሳይሆን ትርፉ በመቶኛ ስለተጣለ ነው። ፈታኙ «ድርጅታችን ትርፉን እንዴት ነው የሚይዘው ብለሽ ታስቢያለሽ?» ቢልሽ ሁለቱንም ቁጥር ይዘሽ ትቀርቢያለሽ።

ወረቀቱ ላይ የምትጽፊው አጭር ይሁን፤ በማራገቢያው ምሳሌ ቢሆን እንዲህ ይመስላል። «ዶላር በ25 በመቶ ከተወደደ፣ የአገር ውስጥ ወጪውና ትርፉ ካልተለወጡ፣ ጭማሪው 15 በመቶ ነው፤ አቅራቢው ዋጋ ከቀነሰ ወይም ተፎካካሪው ካልጨመረ ያንሳል። የተከፈለበት ክምችት ከዛሬ ጀምሮ በመተኪያ ዋጋ መታየት አለበት፤ በዱቤ የመጣው ወጪው አሁኑኑ ጨምሯል፤ ቀጣዩ ጭነት 920 ነው።» ከዚያ በታች የጠየቅሻቸውን ሦስት ጥያቄዎች አስፍሪ፤ መልሳቸው ቢለያይ ቁጥርሽ ወዴት እንደሚሄድም በአንድ መስመር ጨምሪበት።