ሰባት በመቶ ተከፍሎኝ ጤፉ ለምን አነሰ? ከወሎ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ኮምቦልቻ ብድር ስገመግም ኖሬ አሁን ደሴ ላይ የራሴን የሒሳብ ሥራ ይዣለሁ። ስለ ወለድና ስለ ግሽበት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ፤ በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ለሒሳቡ እንዲመቹ የወሰድኋቸው ናቸው።

ከሆጤ፦ 100,000 ብር በ7 በመቶ አስቀምጫለሁ። ግሽበቱ 20 በመቶ ቢሆን 13 በመቶ ከሰርሁ ማለት ነው፣ አይደል?

ተቃርበሻል እንጂ 13 አይሞላም። ብሩን ትተን በጤፍ እንስፈረው። ያስቀመጥሽ ዕለት ኩንታሉ 10,000 ብር ነበር እንበል፤ የያዝሽው አሥር ኩንታል ነው። በዓመቱ ደብተርሽ ላይ 107,000 ብር ይነበባል። ጤፉ ግን እንደሌላው ዕቃ በ20 በመቶ ጨምሮ 12,000 ገብቷል። 107,000ን ለ12,000 ስታካፍዪው 8.9 ኩንታል ይወጣል። የጎደለብሽ 1.1 ኩንታል ገደማ፣ ማለትም 10.8 በመቶ ነው።

አሥሩን ኩንታል መልሰሽ ለመግዛት 120,000 ብር ያስፈልግሽ ነበርና 13,000 ብር ጎድሎሻል፤ እስከዚህ ልክ ነሽ። ነገር ግን ያ 13,000 የዘንድሮ ብር ነው። የዘንድሮ ብር ደግሞ ቀሏል፤ 13,000ው የሚገዛው 1.08 ኩንታል ብቻ ነው። ስለዚህ ኪሳራሽን በአምናው ሚዛን ለማወቅ መቀነስ ሳይሆን ማካፈል ነው። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፊሸር ያስቀመጠው ስሌትም ይኸው ነው፦

```
1 + r = (1 + i) / (1 + π)
```

i ባንኩ የጻፈልሽ ወለድ፣ π ግሽበቱ፣ r ደግሞ ከግሽበት በኋላ እጅሽ ላይ የቀረው እውነተኛ ወለድ ነው። ያንቺ 1.07 ለ1.20 ሲካፈል 0.892 ነው። ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ መቀነሱም አያሳስትም፤ በ7 ወለድና በ5 ግሽበት ስትቀንሺ 2፣ ስታካፍዪ 1.9 ነው። ልዩነቱ የሚሰፋው ግሽበቱ ሲያይል ነው። ከወለዱ ላይ የሚቆረጠውን ግብር ደግሞ አልነካሁትም። ግብሩ የሚታሰበው በተጻፈው ወለድ ላይ ስለሆነ፣ እንዳንቺ የከሰረም ሰው "አተረፍህ" ተብሎ ይቆረጥበታል። ይህ ሁሌም ያናድደኛል።

ከባቲ፦ 200,000 ብር በ17 በመቶ ተበድሬ በሬ አደለብሁ። ግሽበት ተበዳሪን ይጠቅማል ይሉ ነበር፤ እኔን ግን አልጠቀመኝም።

የሚጠቅመው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው፤ አንተ ላይ ሁለቱም የሳቱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ፣ ስትፈርም በልብህ የያዝኸው ግሽበት አለ። ባለፈው ዓመት 25 በመቶ ስለነበር ዘንድሮም ያው ነው ብለህ ገምተሃል እንበል። የምትመልሰው 234,000 ብር በዚያ ግምት ሲካፈል 187,200 ነው። ከተበደርኸው ያነሰ ትመልሳለህ፤ በዚህ ሒሳብማ አለመበደር ነበር ሞኝነት። ግሽበቱ ወደ 12 በመቶ ቢወርድስ? ያው 234,000 ብር 208,900 ገደማ ይሆናል፤ 4.5 በመቶ እውነተኛ ወለድ ከፈልህ ማለት ነው። ውሉ አልተለወጠም፤ የሳተው ግምትህ ነው። ግሽበት ሲወርድ ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ጭማሪው ዘገየ ማለት ነው። ዕዳ ላለበት ግን መዘግየቱ ራሱ ሸክም ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ግሽበቱ የገበያው ሁሉ አማካይ ነው፤ አንተ የምትሸጠው በሬ ብቻ ነው። ስትበደር አንድ በሬ 50,000 ከነበረ ብድርህ አራት በሬ ነው። ያው ዓይነት በሬ በዓመቱ በ5 በመቶ ብቻ ጨምሮ 52,500 ቢገባ፣ ዕዳህን ለመክፈል አራት በሬ ተኩል ገደማ መሸጥ አለብህ። በበሬ ሲሰፈር የከፈልኸው እውነተኛ ወለድ ከ11 በመቶ በላይ ነው። የፋጉሎው ዋጋ ደግሞ የበሬውን ዋጋ አልጠበቀም ይሆናል። ማድለቡ ያስገኘው ሥጋ ይህን ሸፍኖ ትርፍ ካልሰጠ፣ ኪስህ ባዶ መሆኑ አይገርመኝም።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ወንበሩ ላይ ሳለሁ ተበዳሪን "የምትሸጠው ነገር ዋጋ በስንት ይጨምራል?" ብዬ የጠየቅሁበትን ቀን አላስታውስም። የምጠይቀው ዋስ አለህ ወይ ነበር።

ከሐይቅ፦ እውነተኛ ወለድ የምትሉት ባንክ ሳይነግረን የሚቆርጠውን ነው? እኔን የአገልግሎት እያሉ ቆራርጠውኛል።

አይ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የአገልግሎት ክፍያ በእርግጥ የምትከፍለውን ወለድ ከተጻፈው ከፍ ያደርገዋል። መጀመሪያ እሱን ደምረህ i ምን ያህል እንደሆነ እወቅ፤ ከዚያ ነው በግሽበቱ የምታካፍለው። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ የሚታሰበው? ውልህን አውጥተህ እሱን ተመልከት።

ከወልድያ፦ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ፊሸር እንደሚለው ግሽበት ሲጨምር ወለዱም እኩል ይጨምራል። ስለዚህ ቆጣቢ አይጎዳም።

መምህር፣ ግማሹን ልቀበልዎ። ስሌቱ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ማካፈል ነውና። ወለድ ግሽበትን ተከትሎ ይወጣል የሚለው ግን ስለ ሰዎች ባሕርይ የተሰጠ አስተያየት ነው። ቆጣቢው ግሽበቱን አስቀድሞ ሲገምት፣ "ካልጨመራችሁ ገንዘቤን አወጣለሁ" ሲል፣ ባንኩም ሲሰማው ነው የሚሆነው። እኛ ዘንድ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ እዚያው ቆየ፤ በ2014 ግሽበቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍም 7 ነበር። ደብተር የያዘው ሰው ምን አማራጭ ነበረው? መሬት፣ ቆርቆሮ፣ ከብት፤ እሱም ጠርቀም ያለ ገንዘብ ላለው ነው። ቆጣቢው ያጣው ጠፍቶ አልቀረም፤ በርካሽ ብድር ማግኘት ወደቻለው ሄደ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ለባንኮች መነሻ የሚሆን የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ማስተዋወቁ ነገሩን ምን ያህል ይለውጠዋል በሚለው እርስዎና እኔ የምንስማማ አይመስለኝም።

ከደሴ አራዳ፦ እኔ ወለድ አልነካም፤ ሒሳቤ ከወለድ ነፃ ነው። ይህ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም።

አባቴ፣ ወለዱ አይመለከትዎትም፤ ግሽበቱ ግን ይመለከትዎታል። i ዜሮ ሲሆን በ20 በመቶ ግሽበት አሥሩ ኩንታል 8.3 ይሆናል። ሒሳብዎ ትርፍ የሚያካፍል ከሆነ የደረሰዎትን ትርፍ በ i ቦታ አስገብተው ያስሉት። ያበደሩት ሰው ገንዘቡን ሲመልስ የግሽበቱን ማካካሻ ልቀበል ወይ ካሉኝ ግን እሱ የዓሊሞች ጉዳይ ነው፤ እኔ እጄን አላስገባም።

ከኮምቦልቻ፦ ዕቁባችን አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር 5,000 ነው። ወለድ የለውምና ሁላችን እኩል ነን፣ አይደል?

60,000ውን መጀመሪያ የወሰደና በአሥራ ሁለተኛው ወር የወሰደ እኩል አይደሉም። በዓመት 20 በመቶ ግሽበት፣ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የሚመጣው 60,000 በመጀመሪያው ወር ዋጋ 50,800 አካባቢ ነው።

ያው ከኮምቦልቻ፦ እኔ እኮ የመጨረሻዋ ነኝ!

ዕጣው ነው፣ እህቴ። ቀድሞ የወሰደው ሰው ግን ዕቃውን ካልገዛበትና ደብተር ላይ ካስተኛው፣ ብልጫው ከወለዱ ጋር እዚያው ሲሳሳ ይከርማል።