ግማሹን ጥያቄ ብቻ የመለሰ ድርሰት በታስክ ሪስፖንስ ለምን ዝቅ ይላል

«ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐረር ነው። አይኤልትስ ተፈትኜ በጽሑፍ ክፍል 6 መጣልኝ፤ የሚያስፈልገኝ ግን 7 ነው። የሁለተኛው ድርሰት ጥያቄ ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር። የመጀመሪያውን በሰፊው አብራራሁ፤ ለሁለተኛው ጊዜ ስላጠረኝ ማጠቃለያው ላይ ብቻ ነካ አድርጌ አለፍኩት። መምህራኖቼ በእንግሊዝኛ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል። ግማሹን በጣም ጥሩ አድርጎ የጻፈ ሰው ለምን ከፍ ያለ ነጥብ አያገኝም?»

እህቴ፣ እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ፣ ማታ ማታ ለዚህ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ከማርማቸው ድርሰቶች ውስጥ በቋንቋ ድክመት ከሚወድቁት ይልቅ አንቺ በገለጽሽው ቦታ ላይ የሚወድቁት ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎቻቸው የተሻለ ነጥብ የሚያስገኝ እንግሊዝኛ አላቸው። ጽሑፍሽን ስላላየሁ ስለ 6ቱ ፍርድ መስጠት አልችልም፤ ግማሽ መልስ እንዴት እንደሚመዘን ግን በዝርዝር ልነግርሽ እችላለሁ።

ፈታኙ ሁለተኛውን ድርሰት በአራት መስፈርቶች ይመዝናል፤ እያንዳንዳቸው እኩል ክብደት አላቸው። አንዱ የሐሳብ ፍሰትና ትስስርን፣ አንዱ የቃላት ሀብትን፣ አንዱ ሰዋስውን ይመለከታል። ታስክ ሪስፖንስ የሚባለው አራተኛው መስፈርት የሚጠይቀው ደግሞ፦ ይህ ሰው የተጠየቀውን መልሷል ወይ? ነጥቦቹ ለየብቻ ስለሚሰጡ ያማረ እንግሊዝኛ በቃላትና በሰዋስው ሣጥን ውስጥ ዋጋውን ያገኛል፤ ከዚያ ተሻግሮ የጎደለውን መልስ ሊሞላ አይችልም። መምህራኖችሽ ጎበዝ ሲሉሽ ስለ ሁለቱ መስፈርቶች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ስለ ታስክ ሪስፖንስ ግን ምንም አልነገሩሽም።

አሁን ወደ መስፈርቱ ቃል እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2023 የተሻሻለውና ለሕዝብ ይፋ የሆነው የነጥብ መግለጫ በባንድ 6፣ ማለትም በ6 ነጥብ ደረጃ ላይ፣ የጥያቄው ዋና ዋና ክፍሎች ተመልሰው መገኘት አለባቸው ይላል፤ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይበልጥ ሰፍተው ቢገኙ ግን ይታገሣል። በባንድ 5 ላይ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ባልተሟላ ሁኔታ የተመለሱበትን ድርሰት ይገልጻል። ልዩነቱን በደንብ ተመልከቺው። መግለጫው ለሁለቱ ክፍሎች እኩል ቦታ ስጪ አይልሽም። ለአንዱ መቶ ሃምሳ ቃል፣ ለሌላው ሰባ ቃል ብትሰጪ በዚህ ብቻ ከ6 አትወርጂም። አንዱን ክፍል ሳትመልሺው ስትቀሪ ግን ያለሽበት ደረጃ ይለወጣል፤ የመለስሽው ክፍል የቱንም ያህል ቢያምር የባንድ 6 መግለጫ ለድርሰትሽ አይሠራም። ፈታኙ የሚሰጥሽ ድርሰትሽን በትክክል የሚገልጸውን ባንድ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ 5 ላይ ይቆማል።

ይህ በውጤት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ቀላል ስሌት ያሳያል። ሁለተኛውን ድርሰት ብቻ እንውሰድ። በሦስቱ መስፈርቶች 7፣ 7፣ 7 አግኝተሽ በታስክ ሪስፖንስ 5 ብታገኚ ድምሩ 26 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 6.5 ነው። ወደ 7 ለመድረስ ከቀሩት ሦስት መስፈርቶች በሁለቱ 8 ማምጣት ይኖርብሻል። በቃላትና በሰዋስው 8 ማግኘት የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ልፋት ይጠይቃል፤ የጎደለውን አንቀጽ መጻፍ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛው ድርሰት ከመጀመሪያው እጥፍ ክብደት አለው፤ ስለዚህ እዚህ የጠፋውን በመጀመሪያው ማካካስ አይቀልም።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ላሳይሽ። ለልምምድ ያወጣሁት ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር፦ «በብዙ ከተሞች መንገድ ዳር የሚነግዱ ሰዎች ቁጥር እየጨመረ ነው። ይህ የሆነው ለምንድን ነው? ለውጡ ለከተማ ነዋሪዎች ጠቃሚ ነው ወይስ ጎጂ?» አንድ ጠንካራ ተማሪዬ ከሚፈለገው 250 ቃል በላይ ጽፎ አመጣ። የመጀመሪያው አንቀጹ የሚያስደስት ነበር። የሱቅ ኪራይ መናሩን፣ ከገጠር የሚመጣው ወጣት ሌላ ሥራ ማጣቱን፣ ገዢውም ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከመንገዱ ሳይወጣ መሸመት መውደዱን አንዱን ከአንዱ እያያያዘ አስረድቷል። ሳቢያን መንገድ ዳር ቲማቲም በመደብ የምትሸጥ ሴትን በምሳሌነት አንሥቷል። በዚህ አንቀጽ ላይ የምለው አልነበረኝም።

ሁለተኛው አንቀጽ የሚጀምረው «ይህንን ችግር ለመፍታት አስተዳደሩ የገበያ ሼዶችን መገንባት አለበት» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ስለ ብድር፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ፈቃድ አሰጣጥ ይቀጥላል። ማጠቃለያውም መንስኤዎቹንና መፍትሔዎቹን ደግሞ ይዘረዝራል። ድርሰቱን ከላይ ሲያዩት ምንም አይጎድለውም፤ መግቢያ፣ ሁለት የተሟሉ አንቀጾችና መደምደሚያ አለው። ነገር ግን መፍትሔ ማንም አልጠየቀውም። የተጠየቀው ጠቃሚ ነው ወይስ ጎጂ ነው የሚለው ነበር፤ ለዚህ አንድም ዓረፍተ ነገር የለም።

ተማሪው «ችግር ብዬዋለሁ እኮ፤ ጎጂ ነው ማለቴ ነው» ሲል ተከራከረኝ። ይህ ክርክር ብዙ ሰው የሚያነሣው ስለሆነ ልቆይበት። ፈታኙ አቋምሽን ከአንድ ቃል ውስጥ ቆፍሮ የማውጣት ግዴታ የለበትም። ቢያወጣው እንኳ የሚያገኘው ያልተደገፈ አቋም ነው፦ ለማን ጎጂ? በምን ምክንያት? በምን ምሳሌ? መግለጫው በየደረጃው አቋም ግልጽ መሆኑንና ሐሳቦች በማስረጃ መደገፋቸውን አብሮ ይመዝናል። ስለዚህ አንዱን ክፍል የዘለለ ሰው በአንድ ቦታ ብቻ አይጎዳም፤ አቋሙም ይደበዝዛል፣ ያልተጠየቀው አንቀጽም ከርዕሱ የወጣ ዝርዝር ተብሎ ይቆጠርበታል።

ለምን እንዲህ ጻፈ? አስቀድሞ «መንስኤና መፍትሔ» የሚባለውን የድርሰት ቅርጽ በቃሉ አጥንቶ ነበር። ጥያቄው «ለምን» በሚል ቃል ሲጀምር እጁ ወደለመደው ሄደ። በእኔ ልምድ ግማሽ መልስ የሚመጣው ከጊዜ እጥረት ይልቅ በአብዛኛው ከዚህ ነው። ቅርጽ ሸምድዶ መግባትን ከልቤ የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተማሪው ከፊቱ ያለውን ጥያቄ ሳይሆን ያጠናውን ጥያቄ እንዲመልስ ያደርገዋል።

ድርሰቱን ስናስተካክል የመጀመሪያውን አንቀጽ ጥቂት አሳጠርነው እንጂ አልነካነውም። መግቢያው ላይ «ለውጡ አንዳንድ እንከን ቢኖረውም ለነዋሪው ጥቅሙ ያመዝናል ብዬ አምናለሁ» የሚል ቁርጥ ያለ አቋም ጨመረ። ሁለተኛውን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ሰርዞ በአዲስ ተካው፦ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ በየዕለቱ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ብቻ መግዛት ይችላል፤ ኪራይ የማይከፍል ነጋዴ ዋጋ መቀነስ ይችላል፤ እርግጥ ነው፣ የእግረኛው መንገድ ሲሞላ ሰው ወደ አስፋልት ወርዶ ከባጃጅ ጋር ይጋፋል፤ ይሁን እንጂ ይህ ቦታና ሰዓት በመወሰን የሚቃለል ሲሆን፣ የኑሮ ውድነቱን ግን ነዋሪው በሌላ መንገድ ሊያቃልለው አይችልም። መፍትሔው እዚህም ገብቷል፤ ነገር ግን አሁን የአቋሙ ደጋፊ ሆኖ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው የገባው። የቃላቱም የሰዋስውም ደረጃ ከቀድሞው የተለየ አልነበረም። በታስክ ሪስፖንስ ግን ለመጀመሪያው ድርሰት 5፣ ለተስተካከለው 7 ሰጠሁት።

አንቺ ማጠቃለያ ላይ ነካ አድርገሽ ያለፍሽው ከዚህ ተማሪ ይሻላል፤ ቢያንስ መልሱ አለ። ሆኖም ከመልሱ ጋር ምክንያት ከሌለ ፈታኙ ክፍሉ ተመልሷል ለማለት ይቸገራል። ማጠቃለያ የተባለውን የሚሰበስብ ቦታ ነው፤ አዲስ መልስ እዚያ ሲወለድ የሚደገፍበት ቦታ አያገኝም።

ጥያቄ ውስጥ ሁለተኛው ክፍል ተደብቆ የሚመጣበት ጊዜም አለ። «ሁለቱንም አመለካከቶች ተወያይና የራስህን አስተያየት ስጥ» የሚለው በውስጡ ሦስት ሥራ አለው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ሠርቶ አስተያየቱን ይረሳል። «ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ወይ?» የሚለው ደግሞ ጥቅምና ጉዳት ከመዘርዘር አልፎ ማመዛዘን ይፈልጋል። ዘርዝሮ ብቻ ያቆመ ሰው ጥያቄውን ገና አልመለሰም።

ጽፈሽ ስትጨርሺ ወይም ቤት ስትለማመጂ እንዲህ አድርገሽ ፈትሺ። የጥያቄውን እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ጻፊ። ከዚያ ከድርሰትሽ ውስጥ ለዚያ ክፍል ብቻ መልስ የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር ፈልጊና አስምሪበት፤ ቀጥሎም ምክንያቱንና ምሳሌውን ፈልጊ። መስመር ያልተሰመረለት ክፍል ካለ ያው ነው የጎደለው። ከዚህ የሚሻለው ግን ከመጻፍ በፊት ማድረግ ነው፦ ከ40ው ደቂቃ አምስቱን ወስደሽ ለየክፍሉ የመልሱን ቁልፍ ሐሳብ በአንድ መስመር አስቀምጪ። ለሁለተኛው ክፍል የሚጻፍ ነገር ከጠፋሽ የሚታወቀው ያኔ ነው፣ 35ኛው ደቂቃ ላይ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ጊዜው ሊያጥርሽ ይችላል። ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ሁለተኛው ክፍል ካልተነካ የመጀመሪያውን ማሳመር እዚያው ላይ አቁሚ። አዲስ አንቀጽ ክፈቺና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱን በቀጥታ ተናገሪ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምክንያቱን አብራሪ፤ በአራተኛው አንድ ምሳሌ ስጪ። ማጠቃለያው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን አይጎዳሽም፤ ሁለቱን መልሶች ግን አብሮ ይያዝ።