መልስ፦ የሚናራው ቁመት ለምን 23.8 መጣ?

«አንድ ልጅ ጀጎል ውስጥ ከአንድ ሚናራ 20 ሜትር ርቆ ቆሞ ጫፉን በ40° አንግል ኦፍ ኤሌቬሽን ያያል። ዓይኑ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ነው። ቁመቱ ስንት ነው? እኔ 23.8 አገኘሁ፣ መልሱ ግን 18.3 ይላል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?»

ወንድሜ፣ ሂሳብህ ሳይሆን ሥዕልህ ነው የተበላሸው። 23.8 የሚመጣው 20ን ለ tan 40° ስታካፍል ነው። ይህ ማለት 40°ውን ላይ፣ ሚናራው ጫፍ ላይ አስቀምጠኸዋል ማለት ነው። አንግል ኦፍ ኤሌቬሽን ግን የሚለካው ከተመልካቹ ዓይን ከሚነሳው አግድም መስመር ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ቦታው ልጁ ዓይን ጋ ነው። ጫፉ ላይ ያለው አንግል 50° ነው።

ይህን ስህተት ያለ ካልኩሌተርም ትይዘዋለህ። አንግሉ 45° ቢሆን ከዓይን በላይ ያለው ቁመትና ርቀቱ እኩል ይሆኑ ነበር። 40° ከዚያ ያንሳል፤ ስለዚህ ከዓይን በላይ ያለው ቁመት ከ20 ማነስ አለበት። 23.8 ገና ከመነሻው አይሆንም።

አሁን ሥዕሉን ስታስተካክል የጎነ ሦስቱን መሠረት መሬት ላይ አታድርገው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። መሠረቱ ከዓይኑ እስከ ሚናራው ግድግዳ የተሰመረው አግድም መስመር ነው፤ ቀጤ ማዕዘኑም እዚያው ግድግዳው ላይ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ነው።

```
h = 20 × tan 40° ≈ 16.8
16.8 + 1.5 = 18.3
```

16.8 ላይ ካቆምክ ከዓይኑ በታች ያለውን ግድግዳ ረስተኸዋል ማለት ነው። ደግሞ ካልኩሌተርህ DEG ላይ መሆኑን እይ፤ RAD ላይ ከሆነ ቁመቱ ኔጋቲቭ ይወጣልሃል።