የአሜሪካ ጭነት መኪናና ተሳቢ፦ ከሾፌሮች የመጡ ጥያቄዎች

ከዳላስ፦ ፒክአፕ ገዝቼ መኪና በተሳቢ ላመላልስ ነው። ሻጩ «ከ26,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግህም» ይለኛል። እውነት ነው?

ሻጩ የነገረህ የፒክአፑን ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን የሚያየው ድምሩን ነው። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን ወረቀት አንብብና አምራቹ የፈቀደውን ከፍተኛ ክብደት ከተሳቢው ጋር ደምር። ፒክአፑ 14,000፣ ተሳቢው 14,000 ከሆነ 28,000 ይመጣል። ድምሩ ከ26,000፣ ተሳቢውም ብቻውን ከ10,000 ስለሚበልጥ ክላስ ኤ ሲዲኤል ያስፈልግሃል፤ ባዶውን ብትጎትተውም አያድንህም። ፒክአፑ 11,500 ከሆነ ግን ድምሩ 25,500 ነውና ከአቅሙ በላይ እስካልጫንክ ድረስ ትተርፋለህ።

ያው ጠያቂ፦ ታዲያ ባለ 14,000ው ቀላል ነው ወይስ መካከለኛ?

ከስምንቱ የመኪና ክብደት ክላሶች ሦስተኛው ነው። የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር እስከ 10,000 ያለውን ቀላል፣ እስከ 26,000 ያለውን መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከባድ ይላል።

ሌላ አባል፦ ክላስ 3 ቀላል ነው እንጂ! እኛ ጋራዥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

የመኪና ነጋዴዎችም እንዲሁ ይላሉ፤ አልከራከርህም። ፖሊስ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው።

ከዴንቨር፦ አዲስ ሾፌር ነኝ። ተሳቢውን ስገጥም «ቀጭ» ሲል እሰማለሁ፣ ወደ ፊት ጎተት አድርጌው ካልለቀቀ እነዳለሁ። ይበቃል?

ያው የጋራዡ አባል፦ ይበቃል እህቴ፣ ካልተቆለፈ ይለቅ ነበር።

አይበቃም። መጎተቱ ደግ ነው፣ ግን ያታልላል። የተሳቢው አፍንጫ ከፍ ብሎ ከቆመ ከሥሩ ወደ ታች የወጣው ወፍራም ብረት፣ ኪንግፒኑ፣ በጎታቹ መቆለፊያ መንጋጋ መካከል ሳይገባ ከላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ በቀስታ ስትጎትቺው አብሮ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲያገኝ ይወጣል። ስለዚህ ገና ከሥሩ ሳትገቢ ቁመቱን እዪ፦ መንጋጋው ያለበት የጎታቹ ሰሃን፣ ፊፍዝ ዊሉ፣ ሲገባ ተሳቢውን በጥቂቱ ከፍ የሚያደርግ መሆን አለበት። ከጎተትሽ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘሽ ውረጂ። በተሳቢውና በፊፍዝ ዊሉ መካከል ብርሃን ከታየሽ ፍቺውና እንደገና ግጠሚው። ከኋላ ጎንበስ ብለሽ መንጋጋው የኪንግፒኑን ጭንቅላት ሳይሆን አንገቱን መያዙን አረጋግጪ። የተሳቢውን እግር የምታነሺው ይህን ካየሽ በኋላ ነው።

ከሲያትል፦ እኔ በጅቡቲ መስመር ከነተሳቢው ብዙ ነድቻለሁ። ወደ ኋላ መሄድ እዚያ ያስለቅስ ነበር፤ እዚህ ግን ቶሎ ለመድኩት። መኪናው ዘመናዊ ስለሆነ ነው?

ዘመናዊነቱ አይደለም ጋሼ። እርስዎ የነዱት ተሳቢ የራሱ የፊት ጎማ አለውና የሚታጠፈው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ መኪናው ኋላ መጎተቻው የተያያዘበት፣ ሌላው የፊት ጎማው የሚዞርበት። የአሜሪካው ተሳቢ ግን የፊት ክብደቱን በጎታቹ ላይ አሳርፎ በአንድ ቦታ ብቻ ይታጠፋል። እዚህም ሁለት አጫጭር ተሳቢ አቀጣጥለው የሚነዱት ወደ ኋላ ከመሄድ ፈትተው ቢገጥሙ ይመርጣሉ።

ያው ጠያቂ፦ እንግዲያው የቀለለኝ በከንቱ አይደለም። ለነገሩ እዚያ ረዳት ነበረኝ።