ሠንጠረዡ ለምን ለውዱ ሥራ አደላ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። የልጆች ልብስ ሱቅ፣ ለምግብ ቤቶች እንጀራ ማስረከብና ጀበና ቡና አስቤ ሦስቱን ከ5 ነጥብ እየሰጠሁ አወዳደርኳቸው። በወጪ፣ በፈላጊና በድካም ለልብስ 5፣ 5፣ 2 ሰጠሁ፤ ለእንጀራ 3፣ 4፣ 4፤ ለቡና 1፣ 3፣ 4። ልብስ በ12 አሸነፈ። ግን ያለኝን ብር ጠራርጎ የሚወስደው እሱ ነው። የት ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ እህቴ፣ ድምርሽ ልክ ነው። የተገለበጠው አቅጣጫው ነው። ወጪ ሲበዛ ነጥብ ስለጨመርሽ ልብስ በውድነቱ ተሸለመ። ለወጪና ለድካም የሰጠሽውን ነጥብ ከ6 ላይ ቀንሺ፤ 5 የነበረው 1፣ 4 የነበረው 2 ይሆናል። ያኔ ልብስና ቡና እኩል 10፣ እንጀራ 9 ይመጣሉ።

ቀጥሎ የፈላጊውን ነጥብ ተጠራጠሪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለልብስ 5 የሰጠሽው ከበዓል በፊት ያለውን ግርግር አይተሽ ይመስለኛል። በአዘቦት ቀን ሱቅ ፊት ቆመሽ የሚያየውን ሳይሆን ፌስታል ይዞ የሚወጣውን ቁጠሪ። እኔ ከ3 በላይ አልሰጠውም። እንጀራ ደግሞ ምግብ ቤቶች በዱቤ ይወስዱታል። እስኪከፍሉሽ ጤፉን የምትገዢው ከኪስሽ ስለሆነ የወጪ ነጥቡ ወደ 2 ይውረድ።

ገዢ ከሌለ ርካሽነቱም አያድንም። ስለዚህ ፈላጊን በ2 እናባዛው።

| ሥራ | ወጪ | ፈላጊ ×2 | ድካም | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ልብስ | 1 | 6 | 4 | 11 |
| እንጀራ | 2 | 8 | 2 | 12 |
| ቡና | 5 | 6 | 2 | 13 |

ቡና መራ ብለሽ ሲኒ ለመግዛት አትሩጪ። የአንድ ነጥብ ብልጫ ብልጫ አይባልም። የቡና ፈላጊ ከ3 ወደ 2 ቢወርድ ድምሩ 11 ይሆናል፤ እንጀራ ይቀድመዋል። እንግዲህ ማጣራት ያለብሽ ይቺኑ ቁጥር ነው።

እንበል ኪራይና የረዳት ደሞዝ በቀን 900 ብር ነው። ከአንድ ሲኒ ላይ ቡናው፣ ስኳሩና ከሰሉ ተቀንሶ 15 ብር ይተርፍሻል። 900ን ለ15 ስታካፍዪ 60 ሲኒ ነው፤ ይህ ወጪሽን ብቻ ይመልሳል፣ ላንቺ ምንም አይተርፍም። ልትከፍቺ ካሰብሽበት አቅራቢያ ካለች ጀበና ቡና አንድ የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ተቀምጠሽ የሚወጣውን ሲኒ ቁጠሪ። አንቺ ስትከፍቺ ደንበኛው ለሁለት እንደሚከፈልም አትርሺ። የአንቺ ድርሻ 60 አካባቢ ከሆነ 2 ስጪ፣ 90 ከሆነ 3፣ 120 ከደረሰ 5።

ለእንጀራው ደግሞ ሁለት ሦስት ምግብ ቤት ገብተሽ በቀን ስንት እንደሚወስዱና በስንት ቀን እንደሚከፍሉ ጠይቂ። «አምጪውና እናያለን» ያለሽን ደንበኛ ብለሽ አትቁጠሪ።